የ«ቡ» ጭረት

ዛሬ ቀኔን የበላችው የ«ቡ» ጭረት ናት።

ደንበኛዬ ካፌ ሊከፍት ነው። ሎጎው ላይ «ቡና» የሚለው ቃል በአማርኛም በላቲንም ጎን ለጎን እንዲቆም ፈልጓል። በአንድ የፎንት መጠን ሲቀመጡ አይስማሙም። ላቲኑ አንድ ትልቅ ፊደል አለው፣ የቀሩት አጫጭር ናቸው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ አማርኛውን ከላቲኑ ትልቅ ፊደል ዝቅ፣ ከትንንሾቹ ከፍ አደረግኩት። ያኔ ለዓይን እኩል ይመስላሉ። ማስመሪያ ግን በዚህ አይስማማም።

ዋናው ጣጣ ውፍረቱ ነው። ደንበኛው «ወፈር ይበል» አለኝ። ሲወፍር ግን በ«ቡ» ቀኝ እግር መሃል ያለችው ጭረት ትዋጣለች። ስልክ ላይ፣ በትንሿ የፕሮፋይል ክብ ውስጥ፣ «በ» ሆና ትነበባለች። ጭረቷ ወደ ታች ብትወርድ ደግሞ «ቢ» ልትባል ነው። ስለዚህ እግሮቹን አቅጥኜ ጭረቷን ወደ ውጭ አስረዘምኳት። ይሄ ከ«ና» ጋር ያላትን ክፍተት ስለበላው «ና»ን ትንሽ ገፋ አደረግኳት። ከዚያ ላቲኑን ከአማርኛው ጋር እንዲመጣጠን አሳሳሁት። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ላቲኑ ያልቅና አማርኛው ይለጠፍበታል። ብዙ ታፔላ ላይ አማርኛው እንግዳ የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል።

ነገ ኩባያ ላይ በአንድ ቀለም አትመን እናየዋለን።