ለኳንተም ፋይናል የተዘጋጀሁበት መንገድ፦ ለአንድ ተማሪዬ

ሰላም ላንተ ይሁን። ትናንት ቢሮ መጥተህ «ሳነበው ይገባኛል፣ ወረቀት ላይ ግን ይጠፋኛል» ያልከኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ። እኔም ሚዱን የወደቅሁት እንደዚያው ነበር፤ የተሠሩ ጥያቄዎችን ደጋግሜ አንብቤ ገባሁ፣ የመጀመሪያው መስመር እንኳ አልመጣልኝም።

ለፋይናሉ ደብተሬን ዘጋሁ። እዚሁ ጅማ በተከራየኋት ክፍል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ በባዶ ወረቀት ላይ እስኪሆንልኝ ድረስ አራት ምሽት ሠራኋት። ጥያቄዋ ይህች ናት፦ ግድግዳው በማይታለፍ ሳጥን ውስጥ ያለ ቅንጣት መነሻው ላይ ዌቭ ፋንክሽኑ ψ = A(φ₁ + 2φ₂) ነው። φ₁ እና φ₂ ኖርማላይዝ የሆኑ የኢነርጂ ስቴቶች ናቸው።

በመጀመሪያው ምሽት Aን ለማግኘት ሳይን በሳይን እያባዛሁ አንድ ገጽ ኢንተግራል ሞላሁ። አያስፈልግም ነበር። ሁለቱ ስቴቶች ኦርቶጎናል ስለሆኑ የጋራው ኢንተግራል ዜሮ ነው፤ 1 + 4 = 5፣ ስለዚህ A = 1/√5።

E₁ የመገኘት ዕድሉ 1/5፣ E₂ ደግሞ 4/5 ነው። በዚህ ሳጥን E₂ = 4E₁ ስለሆነ አማካዩ 3.4E₁ ይወጣል። እኔም «ሲለካ 3.4E₁ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ፤ ያንተም የሚድ ወረቀት ላይ ይኸው ዓረፍተ ነገር አለ። አንድ ልኬት የሚሰጥህ ወይ E₁ ወይ 4E₁ ነው፣ ሌላ የለም። 3.4E₁ በአንድ ዓይነት መንገድ የተዘጋጁ ብዙ ሳጥኖች ሲለኩ የሚገኘው አማካይ ነው። አማካይህ ከE₁ ካነሰ ወይም ከ4E₁ ከበለጠ፣ ማንንም ሳትጠይቅ መሳሳትህን ታውቃለህ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። አንድ e^(−iEt/ħ) ለጠቅላላው ψ ለጥፌ ስኩዌር ሳደርገው ጊዜው ጠፋ፤ ቅንጣቱ ጭራሽ የማይንቀሳቀስ መሰለ። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን E ይዞ ነው የሚሄደው። ያኔ |ψ|² ውስጥ cos(3E₁t/ħ) ያለበት የጋራ ተርም ይቀራል። «ኦርቶጎናል ስለሆኑ ዜሮ ነው» ብለህ እንዳትሰርዘው! ዜሮ የሚሆነው በሳጥኑ ሙሉ ስፋት ኢንተግሬት ሲደረግ ነው እንጂ በየነጥቡ አይደለም። እኔ ሰርዤው ሁለት ምሽት ባከነብኝ። ዴንሲቲው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዘው በዚሁ ተርም ምክንያት ነው፤ አንዱ ዙር h/3E₁ ይፈጃል።

አሁን ደብተርህን ዝጋና φ₂ን በφ₃ ተክተህ ከመጀመሪያው ጀምረህ ሥራው። ዴንሲቲው አሁንም ይለዋወጣል፣ አማካይ ቦታው ግን ከሳጥኑ መሃል አይነቃነቅም። ለምን እንደሆነ በራስህ ቃል ጻፍና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይዘህልኝ ና።