በፎቶ ላይ ቲሸርት ወደ ሸሚዝ ሲቀየር

ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ተጠየቅኩ። ያለኝ ደህና ፎቶ አንድ ነው። ፊቴ አምሮ ወጥቷል፤ የለበስኩት ግን ቀይ ቲሸርት ነው። እንደገና እንዳልነሳ ያን ሰሞን ዓይኔ ቀልቶ አብጦ ነበር። ፎቶ ቤት ብሄድ ኮት ያለብሱኛል፤ ግን ያንን ኮት ማን የማያውቀው አለ? ሰፈሩ በሙሉ ለብሶታል። ስለዚህ የራሴን ሸሚዝ ለብሼ ተነስቼ፣ ከአንገት በታች ያለውን ብቻ ልወስድ አሰብኩ።

ከሁሉ በፊት የድሮውን ፎቶ ብርሃን አየሁ። የአፍንጫዬ ጥላ ወዴት እንደወደቀ ካወቁ መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር ይታወቃል። በዚያው አቅጣጫ ቆምኩ፤ ትከሻዬንም ልክ እንደድሮው ዘወር አደረግኩ። የመረጥኩት ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሸሚዝ ነው። ነጭ ቢሆን ከነጩ ግድግዳ ጋር ተቀላቅሎ ትከሻዬ ይጠፋ ነበር፤ በጥቁር ደግሞ የኮሌታው ቅርጽ አይለይም። ኮሌታውን በደንብ ተኮስኩት፤ የተጨማደደ ኮሌታን በኮምፒውተር ማቃናት ትርፉ ድካም ነው።

ሁለቱን ፎቶዎች በብራውዘር በሚሠራው የፎቶ ማስተካከያ በ Photopea ከፈትኩ፤ ነፃ ነው። አዲሱን ከላይ አስቀምጬ፣ ከሥሩ ያለው እንዲታየኝ Opacity-ውን ወደ 50% ዝቅ አደረግኩና ዓይን በዓይን ላይ እስኪያርፍ አስተካከልኩት። አዲሱ ፎቶ ላይም ፊቴ መኖሩ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ የጭንቅላቴና የትከሻዬ መጠን አልተዛባም። ከዚያ Opacity-ውን ወደ 100% መለስኩ፣ የፎቶውን ክፍል ሳያጠፋ የሚደብቀውን Layer Mask ጨመርኩና እሱ ላይ በጥቁር ብሩሽ ቀብቼ የአዲሱን ፊት ደበቅኩት፤ ከሥር ያለው የድሮው ፊት ታየ።

ዋናው ነገር መጋጠሚያው የት ይሁን የሚለው ነው። ብዙ ሰው በኮሌታው ጠርዝ ይቆርጣል። የላይኛው ቁልፍ ክፍት ከሆነ ግን የድሮው ቲሸርት አንገቱ ጋ ብቅ ይላል። እኔ አንገቴንም ከአዲሱ ፎቶ ወሰድኩና ከአገጬ ሥር፣ ጥላው ውስጥ አጋጠምኩት። እዚያ ለስላሳ ብሩሽ በቂ ነው፤ ትንሽ የቀለም ልዩነት ቢኖር እንኳ ጥላው ይሸፍነዋል።

አለቀ ስል ግን አገጬ ሥር ቅላት አየሁ። ቀዩ ቲሸርት ብርሃን አንጸባርቆበት ነው ለካ! ልብሱ ቢወልቅም ቀለሙ ቆዳዬ ላይ ቀርቷል። ቀለም በሚያስተካክለው Hue/Saturation ውስጥ Reds-ን መርጬ የቀዩን ድምቀት ትንሽ ቀነስኩ፤ ማስተካከያውንም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ወሰንኩት። ፊት ላይ በሙሉ ቢሆን ከንፈሬ አመድ ይመስል ነበር።

በመጨረሻ ፎቶውን ሲቪው ላይ በሚወጣበት መጠን አሳንሼ፣ ግራና ቀኙንም ገልብጬ አየሁት። ሲገለበጥ የተጣመመ ትከሻ ወዲያው ይጋለጣል።

ይሄ ለሲቪ ነው። ለዲቪና ለአሜሪካ ቪዛ እንዲህ የተነካካ ፎቶ ተቀባይነት የለውም፤ ለዚያ ሸሚዙን ለብሶ መነሳት ነው።