ከቆጣሪ ንባብ እስከ ወር ማጠቃለያ፦ የእርከን ታሪፍን በኤክሴል ያሰላሁበት መንገድ

በእርከን ታሪፍ የደንበኛው ፍጆታ በሙሉ በአንድ ዋጋ አይባዛም። የመጀመሪያዎቹ ሜትር ኩቦች በርካሹ፣ ከዚያ የሚተርፉት ደግሞ እንደየእርከናቸው በሚወደደው ዋጋ ይታሰባሉ። የቢል ሶፍትዌር ለሌለው የአነስተኛ ከተማ ውሃ አገልግሎት ይህን በኤክሴል ነው የሠራሁት። ከዚህ በታች ያለው ታሪፍ ለማሳያ የተወሰደ ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ያስገባል።

`Tariff` በሚባል ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አለ። A እርከኑ የሚጀምርበት ነው፦ 0፣ 5፣ 10፣ 20 ሜትር ኩብ። B የእርከኑ ዋጋ ነው፦ 6፣ 9፣ 13፣ 18 ብር። C ደግሞ ዋጋው ካለፈው እርከን በስንት ብር እንደጨመረ ያሳያል፦ 6፣ 3፣ 4፣ 5። የንባቡ ገጽ ላይ C ያለፈው ንባብ፣ D የአሁኑ ንባብ፣ E የንባብ ኮድ፣ F ፍጆታ፣ G ንባቡ የሸፈነው የወር ብዛት፣ H ሒሳቡ ነው። H ላይ የገባው ቀመር ይኸው፦

```
=ROUND(SUMPRODUCT((F2>Tariff!$A$2:$A$5*G2)*(F2-Tariff!$A$2:$A$5*G2)*Tariff!$C$2:$C$5),2)
```

እርስ በርሱ የተደራረበ `IF` ያልተጠቀምኩት ታሪፍ ሲቀየር ቀመሩን መንካት ስለሚያስፈልግ ነው። እዚህ ግን የሚቀየረው የታሪፉ ገጽ ብቻ ነው። በ14 ሜትር ኩብ እንፈትሸው። በእጅ ሲሰላ 5 በ6 ሠላሳ፣ 5 በ9 አርባ አምስት፣ የቀሩት 4 በ13 ሃምሳ ሁለት፤ ድምሩ 127 ብር ነው። በቀመሩ መንገድ ደግሞ 14 በ6 ሰማንያ አራት፣ ከ5 በላይ ያለው 9 በ3 ሃያ ሰባት፣ ከ10 በላይ ያለው 4 በ4 አሥራ ስድስት፤ እሱም 127 ነው። 182 ብር ካወጣ ፍጆታው በሙሉ በ13 ብር ተባዝቷል ማለት ነው። የቆጣሪ ኪራይና ሌላ ቋሚ ክፍያ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፤ ከዚህ ጋር ከተደባለቀ፣ በኋላ የሚመጣውን ማመሳከሪያ ያበላሻል። ቦኖ በአንድ ወጥ ዋጋ የሚከፍል ከሆነም በዚህ ቀመር አይገባም፤ ካልሆነ የብዙ ሰው እንስራ የሞላው ውሃ በሙሉ የላይኛው እርከን ላይ ይወጣል።

G ለምን አስፈለገ? የግቢው በር ተዘግቶ አንድ ወር ያልተነበበ ቆጣሪ በቀጣዩ ወር 28 ሜትር ኩብ ይዞ ይመጣል። እንደ አንድ ወር ሲታሰብ 349 ብር ይሆናል። G ላይ 2 ሲገባ ግን የእርከኖቹ ወሰን በእጥፍ ይሰፋና 254 ብር፣ ማለትም 127 ሁለት ጊዜ ይወጣል። የ95 ብሩ ልዩነት ደንበኛው ብዙ ስለተጠቀመ የመጣ ሳይሆን አንባቢው ስላልደረሰ ብቻ የመጣ ነው። አቤቱታ ይዘው ቢሮ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይህንን ነው የሚሉት፣ እውነትም አላቸው።

ጳጉሜም ያው ነው። ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 25 የተነበበ ቆጣሪ 35 ቀን ሸፍኗል። በቀን 0.4 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ቤት በ30 ቀን 12፣ በ35 ቀን 14 ያሳያል። G 1 ከሆነ 127 ብር፣ 35/30 ከሆነ 117.83 ብር ይከፍላል። ማስተካከያው ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለውን የአገልግሎቱ ቦርድ ይወስናል፤ ሒሳብ ሠራተኛው በራሱ የሚያደርገው አይደለም። ቀኑን ለመቁጠር ግን የኤክሴልን የቀን ቅርጸት አትመኑ። ጥቅምት 30ን እንደ ፌብሩዋሪ 30 ስለሚያይ አይቀበለውም፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገርም አያውቅም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ሕዋሶች አስገብቼ እያንዳንዱን ንባብ ወደ ተከታታይ ቁጥር የቀየርኩት እንዲህ ነው፤ ቀኑ P፣ ወሩ Q፣ ዓመቱ R ላይ ናቸው፦

```
=365*R2+INT(R2/4)+30*(Q2-1)+P2
```

የሁለቱ ንባቦች ልዩነት የቀኑን ብዛት ይሰጣል፤ ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመትም በራሱ ይካተታል።

ንባቡ ራሱ ሲሳሳት ምልክቱ ይታወቃል። ቆጣሪው ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሙሉ ሜትር ኩብ፣ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለው ክፍልፋይ ናቸው። 00347 ያለውንና ቀጥሎ ቀይ 6 የሚያሳየውን አንባቢው 3476 ብሎ ከጻፈው ፍጆታው በአንዴ ሦስት ሺህ ያልፋል። ይህ በዓይን ይታያል። የሚያስቸግረው አሉታዊ ፍጆታ ነው፤ ምክንያቱም ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ዓይነት ምልክት ይሰጣሉ፦ ቆጣሪው 99999 ደርሶ ከዜሮ ጀምሯል፣ ወይም ቆጣሪው ተቀይሯል፣ ወይም D ባዶ ነው። ኤክሴል ባዶውን ዜሮ አድርጎ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ «አሉታዊ ከሆነ 100000 ደምር» የሚል ቀመር ለሁሉም ደንበኛ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ያልተነበበ ቤት የዘጠና ሺህ ሜትር ኩብ ቢል ሊደርሰው ይችላል። እኔ መደመሩን ያሰራሁት E ላይ የዞረ ቆጣሪ ኮድ ሲኖር ብቻ ነው። ለተቀየረ ቆጣሪ የአሮጌው የመጨረሻ ንባብና የአዲሱ መነሻ ንባብ ከቅያሪው ቅጽ ላይ ይወሰዳሉ፤ ሁለቱ ፍጆታዎች መጀመሪያ ይደመራሉ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ በእርከን ይታሰባሉ። ለየብቻ ቢታሰቡ ደንበኛው ርካሹን እርከን ሁለት ጊዜ ያገኛል።

ማጠቃለያው ላይ ሥራ አስኪያጁ የሚፈልገው በየእርከኑ ስንት ሜትር ኩብ ተሸጦ ስንት ብር እንደገባ ነው። እዚህ ላይ የማይታይ ወጥመድ አለ። 4፣ 14 እና 28 ሜትር ኩብ የተጠቀሙ ሦስት ደንበኞችን እንውሰድ፤ ሁሉም የአንድ ወር ንባብ ናቸው። ብዙ ሰው ደንበኛውን በደረሰበት እርከን መድቦ ፍጆታውን በሙሉ እዚያ ይደምራል፦ አንደኛ 4፣ ሁለተኛ 0፣ ሦስተኛ 14፣ አራተኛ 28። ድምሩ 46 ስለሆነ ትክክል ይመስላል። በዋጋ ሲባዛ ግን 710 ብር ይሰጣል፤ የሦስቱ ቢል ደግሞ 24፣ 127 እና 349፣ በድምሩ 500 ብር ነው። የእያንዳንዱ ደንበኛ ፍጆታ በየእርከኑ መከፋፈል አለበት። ለአንደኛው እርከን፦

```
=MAX(0,MIN($F2,Tariff!$A$3*$G2)-Tariff!$A$2*$G2)
```

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የ`Tariff` ገጹን የረድፍ ቁጥሮች ብቻ በአንድ በአንድ ማሳደግ ነው፤ ለመጨረሻው `=MAX(0,$F2-Tariff!$A$5*$G2)` ይበቃል። አሁን 14፣ 10፣ 14 እና 8 ይወጣል። ድምሩ ያው 46፣ ብሩም 84፣ 90፣ 182 እና 144፣ በድምሩ 500 ሆኖ ከቢሎቹ ጋር ይገጥማል። የሜትር ኩቡ መግጠም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የማምነው ብሩ ሲገጥም ነው። እያንዳንዱ ቢል ወደ ሳንቲም ስለሚጠጋ ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ በ1,000 ደንበኛ ከ5 ብር ካለፈ ግን ከመጠጋጋት የመጣ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው G ከ1 የተለየባቸው ረድፎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የእርከን ዓምድ ላይ `$G2` ተረስቶ ይገኛል።

ወሩ ሲዘጋ H እና የእርከን ዓምዶቹ በ«ፔስት ቫልዩስ» ወደ ተራ ቁጥር ተቀይረው ይቀመጣሉ። አዲስ ታሪፍ `Tariff` ገጽ ላይ በገባ ቀን ያልተቀየሩት የድሮ ወራት በሙሉ በአዲሱ ዋጋ ይሰላሉ፤ ያኔ የደንበኛው ደረሰኝና የቢሮው መዝገብ አይገናኙም።