አርባ በሬ ለምን አልበቃንም

ሐይቅ አጠገብ ባለው መንደራችን ዕድሩን «ቅሬ» ነው የምንለው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይደርሳል፤ በሬ ሲሞት ግን ባለቤቱ ብቻውን ነው። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ሳለሁ የበሬ ዋስትና እንጀምር ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ።

አረቦኑን፣ ማለትም ለአንድ በሬ በዓመት የሚዋጣውን ብር፣ ያሰላሁት ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄ ነው። አባላቱ 40 በሬ አላቸው፤ በአምስት ዓመት የሞተባቸው 10 ነው፤ በዓመት ሁለት መሆኑ ነው። የአንዱን ካሳ 40,000 ብር ስላልን፣ የሁለቱ ካሳ ለ40 ሲካፈል 2,000 ብር ይደርሳል። ለክፉ ቀን 1,000 ጨምሬ 3,000 አደረግሁት።

በመጀመሪያው ዓመት የሞተው አንድ በሬ ብቻ ነበር። የተረፈውን 80,000 ብር አባላቱ «ይመለስልን» አሉ፤ መለስን። ትርፍ መስሎን ነበር እንጂ የሚቀጥለው ዓመት ሬሳ ማንሻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አራት ሞቱ። የሚፈለገው 160,000፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው 120,000። ለአራቱም 30,000 ብር ደረሳቸው። አንድ አዛውንት ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው «አብሽር ልጄ፣ ባለ ሦስት እግር በሬ እገዛበታለሁ» አሉኝ።

«በዓመት ሁለት» አማካይ ነው፤ ሞት ደግሞ አማካይ ጠብቆ አይመጣም። ከ40 በሬ አራትና ከዚያ በላይ የሚሞትበት ዓመት በየሰባት ዓመቱ አንድ ጊዜ ያህል ያጋጥማል። በሬዎቹ 400 ሲሆኑ ግን ያው 3,000 ብር 30 በሬ ይክሳል፤ የሚጠበቀው ሞት 20 ነው፤ ከ30 የሚያልፍበት ዓመት ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ብዛቱ በአሥር እጥፍ ሲያድግ ከአማካዩ ከፍና ዝቅ የሚለው መጠን የሚያድገው በሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነውና። አረቦኑ አልጨመረም፤ የጨመረው ሰው ነው።

ስለዚህ ዘጠኝ ቅሬዎችን ለምነን አስገባን። በዚያ ዓመት 23 በሬ ሞተ፤ ሁሉም ሙሉ ካሳውን አገኘ፤ የተረፈውን 280,000 ብር ማንም እንዳይነካው በባንክ አስቀመጥን።

ይህ ስሌት ግን የሚሠራው የአንዱ በሬ ሞት ሌላውን ካልጎተተ ነው። አባ ሰንጋ ከገባ፣ በአንድ መስክ የሚግጡ 400 በሬዎች እንደ አንድ በሬ ናቸው። ስለዚህ ከደጋውም ቅሬዎችን ጨመርን፤ ክትባት ያልወሰደ በሬም አንመዘግብም። መጀመሪያ ላይ ለሞቱ ማስረጃ ቆዳውን አምጡ እንል ነበር። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት መገፈፍ እንደሌለበት የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሲነግረን ደነገጥን፤ አሁን ሳይከፈት እሱ ያየዋል፣ ከዚያ ይቀበራል።