ድምፁ በተዘጋ ቴሌቪዥን ያየሁት ዘፈን

ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ዲሽ ስላለው ከትምህርት ቤት ስንወጣ በቀጥታ ወደዚያ ነበር። ባለቤቷ ግን ለፈረንጅ ዘፈን ጆሮ አልነበራትም። ቴሌቪዥኑን ድምፁን ትዘጋና በቴፕ የጎጃም እስክስታ ትለቃለች። ስለዚህ እላይ ፈረንጁ ያዝናል፣ እታች ማሲንቆው ይጨፍራል።

እዚያ ያየሁት አንድ ክሊፕ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ግጥሙን አላውቀውም፣ ዜማውንም አላውቀውም፤ ጭራሽ ሰምቼው አላውቅም። የዘፈኑ ርዕስ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ክሊፑ ሲጀምርና ሲያልቅ ነው። እኔ ስገባ ትንሽ ሄዷል፣ ሳያልቅ ደግሞ ወጥቻለሁ። ሲያንጎራጉሩለት ዘፈን ፈልጎ የሚያመጣ አፕ አለ ይላሉ። ምን ላንጎራጉርለት? ማሲንቆውን?

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ልፈልገው ቆርጬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የማስታውሰውን ታሪክ አሰብኩ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በቀይ መኪና ይሄዳሉ። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ጫካ ውስጥ ትገለበጣለች። ሰውዬው ከመኪናው ይወጣል፣ ልጅቷን እዚያው ትቶ ብቻውን ይሄዳል። ከተማ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ፍራሽ ላይ በጀርባው ይተኛል። ይኼንኑ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ያየሁበትን ዓመት ጨመርኩበት፦

```
1996 music video car crash forest man walks away
```

የመጣልኝ ሌላ ዘመን ነው። ፀጉሩ፣ ልብሱ፣ የምስሉ ጥራት፣ ምኑም አይገናኝም። ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ። ያ 1996 የእኛው ነው! በፈረንጆቹ 2003 ወይም 2004 መሆኑ ነው። ጉግል የኛን አቆጣጠር በምን ያውቅልኛል። ይኼን የጻፍኩት እያፈርኩ ነው፤ ግን የልጅነት ዘፈኑን በኢትዮጵያ ዓመት የፈለገ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እገምታለሁ። ዘፈኑ ደግሞ ካየሁበት ዓመት በፊት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ክሊፕ ከወጣ በኋላም ለዓመታት ይታያል። ስለዚህ ነጠላ ዓመቱን ትቼ ክልል አበጀሁለት፤ ከ2000 እስከ 2004።

ዓመቱ ተስተካክሎም አልመጣም። የመኪና አደጋ፣ ጫካና የሚያዝን ወንድ ያለባቸው ክሊፖች መዓት ናቸው። ከአስር በላይ አየሁ። እዚህ ላይ ነው ሌላ ጉድ የመጣው። አንዱን ሳይ «እንዴ፣ ድልድይም ነበረበት መሰለኝ» ማለት ጀመርኩ። ድልድዩ ግን አሁን ካየሁት ነው የተቀዳው። ሌላ ክሊፕ ባየሁ ቁጥር የድሮው ትዝታዬ ላይ ቀለም እየቀባሁ ነበር። ወዲያው አቆምኩ። አንድ ወረቀት ላይ፣ ቅደም ተከተል ሳልጠብቅ፣ ያየሁትን ለየብቻ ዘረዘርኩ፤ ጫካ፣ ፍራሽ፣ የተገለበጠ መኪና፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ከመፈለጌ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ይኼንን ነበር።

ከዚያ ባሕር ዳር ላለው የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። ያን ዕለት አብሮኝ ነበር፤ እኔ ስወጣ እሱ ቀርቷል።

«ያቺ መኪና ተገልብጣ የሞተችዋ ልጅ ያለችበት ክሊፕ ትዝ ይልሃል?»

«ምን ሁነሃል አንተ፣ ልጅቷማ መች ሞተች? ሲያልቅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ትስቃለች እኮ!»

ተጨቃጨቅን። እሱ ሌላ ክሊፕ ነው የሚያወራው ብዬ ልዘጋው ስል «ሰውየው አረማመዱ ደስ አይልም ነበር፣ እንደ ሰከረ» አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ሰውየው ሲሄድ ፊቱ ወደ እኛ ነው፣ ግን እየራቀ ነበር። ወደኋላ ነበር የሚሄደው።

የሁለታችን ታሪክ የሚታረቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ክሊፑ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚሄድ ከሆነ፣ አደጋው መሃል ላይ ይመጣል፣ ሳቁ ደግሞ መጨረሻ ላይ። እኔ ለሃያ ዓመት ታሪኩን አቃንቼ ነበር የያዝኩት። ጭንቅላቴ መጀመሪያ አደጋ፣ ቀጥሎ ኀዘን ብሎ በራሱ ደርድሮታል። ፍለጋዬም የተደረደረውን ታሪክ እንጂ ስክሪኑ ላይ የታየውን አልነበረም።

አሁን የጻፍኩት ሌላ ነው፦

```
music video in reverse singer walks backwards car crash
```

ወደኋላ የሚሄዱ ክሊፖች ብዙ አይደሉም፣ ስለዚህ ማጣራቱ ቀለለ። የፋርሳይድ የ1995ቱ «ድሮፕ» መጣ፤ እሱ የራፕ ቡድን ነው፣ አደጋም የለበትም። የኤኒግማ «ሪተርን ቱ ኢኖሰንስ» መጣ፤ እሱ ሽማግሌው ከሞቱ ወደ ልጅነቱ የሚመለስበት ነው። ሦስተኛው የኮልድፕሌይ «ዘ ሳይንቲስት» ነበር፤ በ2002 በወጣው «ኤ ራሽ ኦፍ ብለድ ቱ ዘ ሄድ» አልበም ውስጥ ያለ። የክሊፑ ዳይሬክተር ጄሚ ትሬቭስ ነው። ዊኪፒዲያ ላይ ለየዘፈኑ በሚጻፈው ገጽ፣ ስለ ክሊፑ በሚያወራው ክፍል፣ ታሪኩ በቃላት ተተርኳል። ለእንዲህ ዓይነት ፍለጋ ከቪዲዮው ገጽ ይልቅ ይኼ ይጠቅማል፤ ጉግል የሚያነበው ጽሑፍ ነው፣ ቪዲዮ የሚጭኑት ሰዎች ደግሞ ፍራሽና ጫካ ብለው አይጽፉም።

ማረጋገጫው ላይ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ክሊፑን ድምፁን ዘግቼ ከፈትኩት። ያኔ ያየሁት እንደዚያ ነዋ! ፍራሹ ገና ሲጀምር መጣ። ሰውየው ወደኋላ እየሄደ ጫካው ደረሰ፣ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ልጅቷ በመስታወቱ በኩል ተመልሳ ገባች፣ መኪናው ወደ መንገዱ ወጣ። ቀበቶዋን ፈትታ እንደነበር ያየሁት አሁን ነው። መጨረሻ ላይ ይስቃሉ። ጓደኛዬ ልክ ነበር። መኪናው ግን ቀይ አይደለም። ቀይ ብዬ ምዬ ነበር እኮ።

ያኔ ያላስተዋልኩት ደግሞ አፉን ነው። እግሩ ወደኋላ ሲሄድ አፉ ግን ዘፈኑን በትክክል ይከተላል። ዘፋኙ ክሪስ ማርቲን ዘፈኑን ከኋላ ወደ ፊት መዝፈን ለመልመድ አንድ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ሲቀረጽ ወደፊት እየተራመደ ቃላቱን ገልብጦ ይዘፍናል፤ ፊልሙ ሲገለበጥ ቃላቱ ይቃናሉ፣ እርምጃው ይገለበጣል። ማለት፣ ካሜራው ፊት የተሠራው ቅደም ተከተል እኔ ያስታወስኩት ነው ማለት ነው። ይኼ ትንሽ አጽናናኝ።

ከዚያ ድምፁን ከፈትኩት። ፒያኖ። ይኼን ዘፈን አውቀዋለሁ! ካፌ ውስጥ፣ ሰው ስልክ ላይ፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሻይ ቤት ጋር ግን አንድም ቀን አልተያያዘልኝም፤ በእኔ ጭንቅላት ያ ክሊፕ ዜማው ማሲንቆ ነበር።

ሊንኩን ለጓደኛዬ ላክሁለት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደወለ።

«እሱ ነው። ግን ሲቀና ልጅቷ ሞታለች ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ወድቃ ነው የምትታየው።»

«ተወው እሺ። እኔ በግልባጩ ነው የማየው።»