ወደ ክፈፉ የተንሸራተተው ፐርሊን

ሐይቅ አካባቢ ለአንድ እህል መጋዘን የጣሪያ ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ። ትራሶቹ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከሙት ባለሦስት ማዕዘን ብረቶች፣ 9 ሜትር ስፋት አላቸው፤ የቆሙት በየ4 ሜትሩ ነው። የጣሪያው ዘንበል 20 ዲግሪ ሲሆን ክዳኑ ተራ ሞገድ ቆርቆሮ ነው። ፐርሊኖቹን፣ ማለትም ከትራስ ትራስ የሚጋደሙትንና ቆርቆሮው የሚመታባቸውን ብረቶች፣ በየ1.2 ሜትር አስቀመጥኳቸው፤ በአንድ ጎን 5 ይሆናሉ። የመረጥኩት ብረት 80 በ40 በ3 ሚሊ ሜትር ቻናል ነበር።

ስሌቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቆርቆሮውና ፐርሊኑ አንድ ላይ በሜትር 0.1 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይመዝናሉ። በዚያ ላይ ከነመሣሪያው የሚወጣ ሰው አለ፤ እሱን 1 ኪሎ ኒውተን አድርጌ መሀል ላይ አቆምኩት። ለጥንቃቄ የራሱን ክብደት በ1.35፣ ሰውየውን በ1.5 አባዛሁ። ብረቱ የሚመጣው በ6 ሜትር ስለሆነ በብየዳ መቀጠሉ አይቀርም። ብየዳውን ስላላመንኩት እያንዳንዱን ፐርሊን ከትራስ ትራስ ብቻውን እንደሚሸከም ቆጠርኩት። ብረቱን የሚያጎብጠው ሞመንት 1.77 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሆነ። ለቻናሉ ጠንካራ አቅጣጫ፣ ማለትም መጉበጥን የመቋቋም ልኩ ለሆነው ለ11.4 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሴክሽን ሞዱለስ ሳካፍለው 155 ሜጋ ፓስካል ውጥረት ወጣ። ብረቱ እስከ 235 ይችላል። በቃ አልኩና ወረቀቱን አጠፍኩት።

ስህተቴን ያሳየኝ በያጁ ነው። ቆርቆሮው ገና አልተመታም። አንዱ ልጅ ፐርሊኑ መሀል ላይ ሲቆም በያጁ ከታች አንጋጦ፣ «ኢንጂነር፣ ይሄ ብረት እኮ ወደ ታች ብቻ አይደለም፣ ወደ ጎንም እየሄደ ነው» አለኝ። ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ወጠርን። እውነትም መሀሉ ወደ ክፈፉ፣ ማለትም ወደ ጣሪያው የታች ጠርዝ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሸሽቷል። ልጁ ሲወርድ አብዛኛው ተመለሰ፤ ደግነቱ ብረቱ አልጎበጠም።

ማታ እንደገና ተቀመጥኩ። ክብደት ወደ መሬት በቀጥታ ነው የሚወርደው፤ ፐርሊኑ ግን ከጣሪያው ጋር አብሮ ዘንበል ብሏል። ስለዚህ ጭነቱ ለሁለት ይከፈላል። በኮሳይን 20፣ ማለትም 94 በመቶው፣ ቆርቆሮውን ቀጥ ብሎ ይጫናል። በሳይን 20፣ ማለትም 34 በመቶው፣ በተዳፋቱ ላይ ወደ ክፈፉ ይጎትታል። ሲሶ ብቻ ነው ብሎ መናቅ ይቀላል። ችግሩ ቻናሉ በዚያ አቅጣጫ ደካማ ነው፤ ሴክሽን ሞዱለሱ 2.5 እንኳን አይሞላም።

```
ጠንካራ አቅጣጫ: 1.66 kNm / 11.4 cm³ = 146 MPa
ደካማ አቅጣጫ:  0.605 kNm / 2.48 cm³ = 244 MPa
ድምር = 390 MPa > 235 MPa
```

ትንሹ ጭነት ከትልቁ የበለጠ ውጥረት አመጣ። ሁለቱ ብረቱ ጥግ ላይ ስለሚገናኙ መደመር አለባቸው። 155 ብዬ የተኛሁበት ፐርሊን ለካ 390 ነበር።

ወፍራም ብረት ልግዛ ብዬ አሰብኩ፤ ዋጋው አስፈራኝ። መፍትሔው ሳግ ሮድ ሆነ፦ በየ4 ሜትሩ መሀል ፐርሊኖቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ የ12 ሚሊ ሜትር ዘንግ። በጠንካራው አቅጣጫ 4 ሜትሩ እንዳለ ይቀራል፤ በደካማው ግን ሁለት 2 ሜትር ይሆናል። አሁን የሚያሰጋው ሰውየው መሀል ላይ ሲቆም አይደለም፤ እዚያ ሮዱ ይይዘዋል። የሚያሰጋው በሮዱና በትራሱ መካከል ሲቆም ነው። እዚያ ጠንካራው 109፣ ደካማው 89 ይሆናል፤ ድምሩ 198 ነው። አለፈ።

አንዳንድ ሰው «ቆርቆሮው ራሱ ይይዘዋል፣ ምን አስጨነቀህ» ይላል። በደንብ ከተመታ በእርግጥ ያግዛል። እኔ ግን አልቆጥረውም፤ ሰው በፐርሊኑ ላይ የሚራመደው ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት ነዋ!

ሮዱ የት እንደሚያልቅም ማሰብ ያስፈልጋል። ከክፈፉ ተነስቶ የእያንዳንዱን ፐርሊን ጉተታ እየሰበሰበ ነው የሚወጣው፤ አናት ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ያንን ሁሉ የሚሸከመው የላይኛው ፐርሊን ብቻውን ነው። ስለዚህ የአናቱን ሁለት ፐርሊኖች እርስ በርስ አያያዝኳቸው፤ የግራና የቀኝ ጉተታ በአብዛኛው ይቻቻላል። ወደ ታች የሚቀረውን ግን እነሱው ይሸከማሉ፤ ያንን ለብቻ አሰላሁት።

የቻናሉ ክፍት ጎን ደግሞ ወደ አናቱ መዞር አለበት። የሚጠመዝዘው ኃይል የሚቀንሰው ያኔ ነው። እኛ ጋ ግማሾቹ ወደ ታች ዞረው ተበይደው ነበር፤ በያጁ እያጉረመረመ ፈቷቸው።

ሮዶቹን ስናጠብቅም አንድ ቀን ጠፋብን። ልጆቹ ጉልበታቸውን ሊያሳዩ ብሎኑን ሲያከሩት ፐርሊኑ በተቃራኒው ወደ አናቱ ጎበጠ። ሲባጎውን መልሰን ወጥረን፣ ከአናቱ ጀምረን ወደ ታች አንድ በአንድ እያላላን አስተካከልን። ከዚያ ያንኑ ልጅ መልሰን አቆምነው። በያጁ ከታች አንጋጦ ብዙ አየና፣ «አሁን ቆመ» አለ።