ከባር ግራፍ ፎቶ ቁጥር ማውጣት፦ ግምቱን ከነስህተት ወሰኑ

ግራፉ የተለጠፈው አንድ ጤና ጣቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። የወባ ሕሙማንን ቁጥር በየወሩ ያሳያል፤ እንደ በጀት ዓመቱ ከሐምሌ ጀምሮ ሰኔ ላይ ያበቃል። ባሮቹ ላይ ቁጥር አልተጻፈባቸውም፣ ግራፉ የተሠራበት ፋይልም የለም። ያለው በስልክ የተነሳ ፎቶ ብቻ ነው። ግራ በኩል ከ0 እስከ 400 በየመቶው የተሰመሩ አግድም መስመሮች አሉ፤ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «የዓመቱ ድምር 1,968» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ ላይ 12 ቁጥር አውጥቼ ሠንጠረዥ መሥራት ነበረብኝ።

ገና ከመነሻው ሥራውን የሚያበላሸው ፎቶው የሚላክበት መንገድ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ 4000 ፒክስል ስፋት የነበረው ወደ 1280 ይወርዳል። በዋናው ፎቶ ላይ አንድ ሕመምተኛ ወደ 3 ፒክስል ቁመት ይይዛል፤ በተጨመቀው ላይ ግን አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያው ፎቶ «እንደ ፋይል» ተደርጎ እንደገና እንዲላክልኝ አደረግሁ። በዚህ አንድ እርምጃ ብቻ ንባቡ በሦስት እጥፍ ጠራ።

ፎቶውን በፔይንት ከፈትሁት። ጂምፕም ይሆናል፤ ሁለቱም ጠቋሚው ያለበትን ቦታ በፒክስል ከታች በግራ ጥግ ያሳያሉ። ቁመቱ የሚቆጠረው ከላይ ወደታች መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የ0 መስመር ትልቅ ቁጥር፣ የ400 መስመር ትንሽ ቁጥር ይኖረዋል።

መጀመሪያ የሞከርሁት ብዙ ሰው የሚሞክረውን ነው። በግራው ጠርዝ የ0 መስመር 2310 ላይ፣ የ400 መስመር 1110 ላይ ነበር። ልዩነቱ 1200 ፒክስል ስለሆነ አንድ ሕመምተኛ ልክ 3 ፒክስል ይሆናል። ከዚያ የየባሩን ጫፍ አንብቤ ከ2310 ቀነስሁ፣ ለ3 አካፈልሁ። አሥራ ሁለቱን ስደምር 2,028 መጣ፤ ከተጻፈው ድምር በ60 በለጠ።

ፎቶ አንሺው ከሰሌዳው ፊት ለፊት አልቆመም፤ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ነው ያነሳው። በዚህ ምክንያት የግራፉ ቀኝ ጫፍ ከካሜራው ራቀና አነሰ። በቀኙ ጠርዝ የ0 መስመር ያለው 2310 ላይ ሳይሆን 2262 ላይ ነው፤ ከ0 እስከ 400 ያለውም 1200 ሳይሆን 1133 ፒክስል ነው። መስመሩ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር 48 ፒክስል ድረስ ሽቅብ ይወጣል፣ ይህም 16 ሕመምተኛ ያህላል። በዓይን ሲታይ ግን ፎቶው ቀጥ ያለ ነው የሚመስለው።

ይህ ስህተት ሁሉንም ባር እኩል አይጎዳም። የጥቅምት ባር ረጅም ነው፣ ወደ ግራም ይጠጋል፤ ስህተቱ ከ2 አላለፈም። የመጋቢት ባር አጭር ነው፣ ወደ ቀኝ ነው። ጫፉ 2112 ላይ ስለሆነ በግራው መለኪያ 66 ይሰጣል፤ ትክክለኛው ንባብ 57 ነው። የስድስተኛ ያህል ተጋነነ ማለት ነው። አጫጭር ባሮች የሚበላሹት የ0 መስመር ከቦታው ሲንሸራተት ስለሆነ፣ ጥርጣሬዬን የምጀምረው ሁልጊዜ ከእነሱ ነው።

መፍትሔው ለሙሉ ግራፉ አንድ መለኪያ መጠቀምን መተው ነው። እያንዳንዱን ባር፣ እዚያው አጠገቡ በሚያልፉት ሁለት አግድም መስመሮች መካከል መለካት ይበቃል። ለየባሩ ሦስት ንባብ እወስዳለሁ፤ ከጫፉ በላይ ያለው መስመር፣ ከጫፉ በታች ያለው መስመር፣ ጫፉ ራሱ። መስመሮቹን የማነበው ባሩን ታክኬ ነው እንጂ ከግራው ጠርዝ አይደለም። የፎቶው ማዘንበል በአንድ መቶ ክፍተት ውስጥ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ጥቅምትን እንውሰድ። የ400 መስመር እዚያ ቦታ 1116 ላይ፣ የ300 መስመር 1411 ላይ፣ የባሩ ጫፍ 1192 ላይ ነው። ከ300 መስመር እስከ ጫፉ 219 ፒክስል፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል 295 ፒክስል። 219 ለ295 ሲካፈል 0.742 ነው፤ በ100 ተባዝቶ 300 ላይ ሲደመር 374 ይሆናል። ኤክሴል ላይ B የታችኛው መስመር ዋጋ፣ C የላይኛው መስመር ፒክስል፣ D የታችኛው መስመር ፒክስል፣ E የጫፉ ፒክስል ከሆነ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=B2+100*(D2-E2)/(D2-C2)
```

ኤክሴል 374.24 ብሎ ቢያወጣም ነጥቡን ተከትሎ የመጣው ቁጥር ከግራፉ የተገኘ አይደለም፤ የማካፈል ትርፍ ነው። ሠንጠረዡ ላይ አይገባም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ 374 ስል ምን ያህል ልሳሳት እችላለሁ? በአንድ ንባብ ይህን ማወቅ አይቻልም። ሁሉንም ባር ሦስት ጊዜ አነበብሁ፤ እያንዳንዱን ዙር በሌላ ቀን፣ የቀደመውን ዓምድ ደብቄ። መደበቁ ግድ ነው፤ 374 መሆኑን የሚያውቅ ዓይን ጠቋሚውን እዚያው ይወስደዋል። በሦስቱ ንባቦች መካከል የታየው ትልቁ ልዩነት 5 ነበር፣ ማለትም ወደላይም ወደታችም 2.5 ገደማ።

ሆኖም ±2.5 ብዬ አልጻፍሁም፤ ምክንያቱም ሦስቱም ንባቦች የሚጋሩት ስህተት አለ። አግድም መስመሩ ራሱ 5 ፒክስል ውፍረት አለው፣ የባሩም ጠርዝ ደብዝዟል። እኔ ሁልጊዜ የደብዛዛውን የላይኛ ጫፍ የምይዝ ከሆነ ሦስት ጊዜ ባነብም ሦስቱም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው የምሳሳተው። መደጋገም ይህን አያሳይም። ለዚህ 1.5 ጨምሬ ወሰኑን ±4 አደረግሁት። እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ውጭ ቢወጣ እደነግጣለሁ ማለት ነው።

የኅዳር ባር ግን በ±4 አይዳኝም። ወረቀቱ ላሚኔት ስለሆነ የፍላሽ ነጸብራቅ በትክክል ጫፉ ላይ አርፏል። ባሩ በእርግጠኝነት የሚታየው እስከ 322 ድረስ ነው፤ ከ340 በላይ ደግሞ ባዶ ወረቀት መሆኑ ይታያል። በመካከሉ ነጭ ብቻ ነው። ስለዚህ መካከሉን 331 ወስጄ ±9 ጻፍሁ። ለአንድ ደብዛዛ ባር ሲባል የሌሎቹን ሁሉ ወሰን ማስፋት፣ ወይም ይህንን እንደ ሌሎቹ ±4 ብሎ ማለፍ፣ ሁለቱም አንባቢን ያሳስታሉ።

| ወር | ግምት | ወሰን | ማስታወሻ |
|---|---|---|---|
| ሐምሌ | 96 | ±4 | ከ100 መስመር በታች |
| ነሐሴ | 112 | ±4 | |
| መስከረም | 248 | ±4 | |
| ጥቅምት | 374 | ±4 | |
| ኅዳር | 331 | ±9 | ጫፉን ነጸብራቅ ሸፍኖታል |
| ታኅሣሥ | 205 | ±4 | |
| ጥር | 118 | ±4 | |
| የካቲት | 64 | ±4 | |
| መጋቢት | 57 | ±4 | |
| ሚያዝያ | 103 | ±4 | ከ100 መስመር በላይ |
| ግንቦት | 146 | ±4 | |
| ሰኔ | 127 | ±4 | |

የሁሉም ድምር 1,981 ነው፤ ከተጻፈው በ13 ይበልጣል። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ስህተቶቹ አንዱ ወደላይ አንዱ ወደታች ከሆኑ በከፊል ይጣፋሉ። የየወሩን ወሰን በራሱ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው፤ አሥራ አንዱ በ4፣ አንዱ በ9፣ ውጤቱ 16 ገደማ። 13 በዚያ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ስህተት ወደ አንድ ወገን ቢያደላ እንኳ ከ53 አያልፍም። የመጀመሪያው ሙከራ በ60 መብለጡ ታዲያ የንባብ ጉዳይ ሳይሆን መለኪያው ራሱ መዛባቱን ይናገር ነበር።

ድምሩ ስላለ ኅዳርን በመቀነስ ለማግኘት መፈለግ ያለ ነው፤ የአሥራ አንዱ ወር ድምር 1,650 ስለሆነ ኅዳር 318 ይወጣል። ግን የአሥራ አንዱም ስህተት እዚያ ላይ ይከመርና ወሰኑ ±13 ይሆናል፣ በቀጥታ ካነበብሁት ±9 ይሰፋል። በዚያ ላይ ግራፉ 12 ባር ብቻ ነው ያለው፤ የጳጉሜን ሕሙማን ከነሐሴ ጋር ይቆጠሩ፣ በድምሩ ብቻ ይግቡ ወይም ጭራሽ ይቅሩ ከፎቶው አይታወቅም። ስለዚህ ድምሩን ለማመሳከሪያ ብቻ ተጠቀምሁበት፤ ቁጥሮቹን ጎትቼ ከእሱ ጋር ላስማማ አልሞከርሁም። የጳጉሜን ጉዳይ ከሠንጠረዡ ግርጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌዋለሁ።

ባሮቹ ዝርግ መሆናቸው ጠቅሞኛል። ጥልቀት ያላቸው፣ ሳጥን የሚመስሉ ባሮች ቢሆኑ አግድም መስመሮቹ የሚሰመሩት ከኋላ ግድግዳው ላይ ስለሆነ ከፊት ያለው ባር ከዋጋው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከላይ ያለው ዘዴም እንዳለ አይሠራም።

ሠንጠረዡ ምን እንደሚያስብል መለየቱም የሥራው አካል ነው። ±4 ለጥቅምት አንድ በመቶ ነው፣ ለመጋቢት ሰባት በመቶ። ግንቦት ከሰኔ መብለጡ አያጠራጥርም፤ ልዩነቱ 19 ነው። ጥር ከነሐሴ በ6 ይበልጣል ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም፤ ሁለቱም በ4 ወዲያና ወዲህ ቢሉ ቅደም ተከተላቸው ይገለበጣል። ሐምሌና ሚያዝያም በቁጥር ወሰናቸው ይነካካል፤ 96 እስከ 100 ሊወጣ፣ 103 ወደ 99 ሊወርድ ይችላል። ፎቶው ላይ ግን የሐምሌ ጫፍ ከ100 መስመር በ12 ፒክስል ዝቅ፣ የሚያዝያ በ9 ፒክስል ከፍ ብሎ በግልጽ ይታያል። መስመሩ በመካከላቸው ስላለ ሚያዝያ መብለጡ እርግጥ ነው፣ በስንት እንደሚበልጥ ግን አይደለም። የማስታወሻውን ዓምድ የጨመርሁት ለዚህ ነው።